በአንድ ደብዳቤ ለተጠየቁ የተለያዩ ጉዳዮች አንድ ግልጽ ምላሽ የማዘጋጀት መመሪያ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለተገልጋዮች በሚጽፉት አንድ ደብዳቤ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ሦስትና አራት ጉዳዮችን መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ለምሳሌ የንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው የኪራይ ውል እንዲያቀርብ፣ በሰነዶቹ ላይ ስላለው የስም ልዩነት እንዲያብራራና ከጎረቤት ለቀረበ ቅሬታ መልስ እንዲሰጥ በአንድ ገጽ ሊጠየቅ ይችላል። ተገልጋዩ ሁሉንም በቅንነት መልሶ ሳለ «ምላሽዎ አልተሟላም» የሚል ሁለተኛ ደብዳቤ የሚደርሰው ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ መልሱ ባለመኖሩ ሳይሆን መልሱ በረጅም አንቀጽ ውስጥ ተሸሽጎ ሠራተኛው ስላላገኘው ነው።

ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች እንዲህ ላለው ደብዳቤ አጫጭርና ርዕስ ያላቸው ክፍሎች ያሉት አንድ ምላሽ እንዴት እንደሚያዘጋጁ ያብራራል። በመጨረሻም ለማብራሪያ ያህል የተዘጋጀ የአንዲት የዳቦ ቤት ባለቤት ምላሽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀርቧል።

1. ምላሽዎ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ

የአቀማመጡን ምክንያት ለመረዳት ደብዳቤው ከእጅዎ ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ ማወቅ ይጠቅማል። ደብዳቤው በቅድሚያ ወደ መዝገብ ቤት ይገባል፤ በዚያም የገቢ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። ቀጥሎ ለኃላፊው ይቀርባል። ኃላፊው «ጉዳዩ» የሚለውን መስመርና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ካነበበ በኋላ በኅዳጉ ላይ ለየትኛው የሥራ ክፍል እንደሚመራ ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤውን የሚይዘው ባለሙያ ጉዳዩን ከዚህ በፊት የማያውቅ፣ የርስዎንም ፋይል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ሊሆን ይችላል።

በደብዳቤው ውስጥ አራት የተለያዩ ጉዳዮች ካሉ ምናልባት አራቱም የተለያየ ባለሙያ ይዟቸዋል። የውሉን ጉዳይ የሚያየው ሰው ስለ ጎረቤት ቅሬታ የሚለውን አያነብም፤ የራሱን ክፍል ብቻ ይፈልጋል። አንዳንድ ጊዜም የሚመለከተው ገጽ ብቻ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ወደ ሌላ ክፍል ይላካል። ስለዚህ ምላሹ ሲዘጋጅ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ጉዳይ በዓይን ፍለጋ ብቻ ማግኘት አለበት። ሁለተኛ፣ አንዱ ክፍል ከሌሎቹ ተነጥሎ ቢነበብ ትርጉሙ መጉደል የለበትም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ፍላጎቶች የሚመነጩ ናቸው።

2. ከመጻፍ በፊት፦ ጥያቄዎቹን መቁጠር

የደረሰዎትን ደብዳቤ በእርሳስ ይዘው ያንብቡ፤ መልስ የሚፈልገውን እያንዳንዱን ነገር ያስምሩበት። መሥሪያ ቤቱ ጥያቄዎቹን ከ1 እስከ 4 ቢቆጥራቸውም እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። «የታደሰ የኪራይ ውል እንዲያቀርቡ፣ ውሉን የፈረመውም ሰው ያለውን ሥልጣን እንዲገልጹ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ ቁጥር ቢሰጠውም ሁለት ጥያቄ ነው። ብዙ ተገልጋዮች ውሉን አያይዘው ሁለተኛውን ክፍል ይዘነጉታል። «እንዲሁም»፣ «በተጨማሪም»፣ «ይህንኑ የሚያስረዳ» የሚሉ ቃላት ባሉበት ሁሉ ቆም ብለው ከጀርባቸው ሌላ ጥያቄ እንዳለ ይመልከቱ።

ቀጥሎ በሌላ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከሚከተሉት አራት ሁኔታዎች የትኛው እንደሚስማማው ይጻፉ፦ መልሱና ማስረጃው በእጄ አለ፤ ማብራሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ ገና አላለቀም፤ በተባለው አልስማማም። የየክፍሉ አጻጻፍ የሚወሰነው በዚህ ምደባ ስለሆነ ይህን ሳይለዩ መጻፍ መጀመር ተገቢ አይደለም።

በዚሁ ጊዜ የተሰጠዎትን ቀነ ገደብ ያስሉ። በ«የሥራ ቀን» የተገለጸ ከሆነ የዕረፍትና የበዓል ቀናትን ሳይጨምሩ ይቁጠሩ። ቆጠራው የሚጀምረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ነው ወይስ ከደረሰዎት ቀን የሚለው በደብዳቤው ካልተገለጸ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ። ደብዳቤውን የተረከቡበትን ቀንም በራስዎ ቅጂ ላይ ይጻፉ።

3. የምላሹ ራስጌና መግቢያ

የራስጌው አጻጻፍ ከተለመደው ኦፊሴላዊ ደብዳቤ አይለይም፦ ቀን፣ የተቀባዩ መሥሪያ ቤት ስም፣ አድራሻና «ጉዳዩ» የሚለው መስመር። ልዩነቱ ያለው «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ ነው። አራት ጉዳዮችን በአንድ መስመር ለመዘርዘር አይሞክሩ፤ ከአራቱ አንዱን ብቻ መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። «ጉዳዩ፦ የኪራይ ውል ስለማቅረብ» የሚል ደብዳቤ ለውል ክፍል ብቻ ተመርቶ የቀሩት ሦስት መልሶች እዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። የሚሻለው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ቁጥርና ቀን በመጥቀስ ለዚያ ደብዳቤ ምላሽ መሆኑንና የጉዳዮቹን ብዛት መግለጽ ነው።

መግቢያው ከሦስት ዓረፍተ ነገር እንዳይበልጥ ይመከራል። በውስጡ የሚገባው የእርስዎ ማንነትና የፋይል ወይም የፈቃድ ቁጥር፣ የሚመልሱት ደብዳቤ፣ እንዲሁም የጠቅላላው ምላሽ ሁኔታ ነው። ይህ የመጨረሻው አስፈላጊ ነው፤ «ሦስቱ ተሟልተዋል፤ በተራ ቁጥር 3 የተጠየቀው እስከ … ቀን ይጠናቀቃል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ለኃላፊው የጉዳዩን መልክ ወዲያውኑ ያሳየዋል። የጎደለውን በመጨረሻው ገጽ መደበቅ ተገልጋዩን አይጠቅምም፤ ባለሙያው ሲያገኘው በቀሩት መልሶችም ላይ ያለው እምነት ይቀንሳል።

4. የየክፍሉ ርዕስና ቁጥር

መሥሪያ ቤቱ ጥያቄዎቹን በቁጥር አስቀምጦ ከሆነ የእርሱን ቁጥር ሳይለውጡ ይጠቀሙ። ቀላሉን ጉዳይ ወደ ፊት፣ ከባዱን ወደ ኋላ ለማድረግ ሲባል ቅደም ተከተሉን መቀየር ተገቢ አይደለም፤ ባለሙያው ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ስለሚያመሳክር የእርሱ 3 የእርስዎም 3 መሆን አለበት። አንድ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ከያዘ 1.1 እና 1.2 ብለው ይክፈሉት። ደብዳቤው ቁጥር ከሌለው ግን በተነሡበት ቅደም ተከተል እርስዎ ቁጥር ይስጧቸው።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ርዕስ ያስፈልጋል። ርዕሱ ከሁለት እስከ አምስት ቃላት ቢሆን መልካም ነው፤ ቃላቱም በመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ውስጥ ያሉት ይሁኑ። መሥሪያ ቤቱ «ፍሳሽ ቆሻሻ» ብሎ ከጠየቀ እርስዎ «የውኃ ጉዳይ» ብለው አይጻፉ። «ምላሽ ለ3ኛው ጥያቄ» የሚለውም ርዕስ አይደለም፤ ጥያቄው ከአጠገቡ ለሌለው አንባቢ ምንም አይነግረውም። ርዕሱን ከስሩ በማስመር ወይም በኮምፒውተር ከተጻፈ በማድመቅ ለብቻው መስመር ላይ ያኑሩት፤ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሸጋገሩም አንድ ባዶ መስመር ይተዉ። በእጅ ለሚጽፉም ይኸው አቀማመጥ በእኩል ደረጃ ይሠራል።

5. በየክፍሉ ውስጥ የሚጻፈው

አንድ ክፍል ከሦስት እስከ ስድስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መልሱ ራሱ ይሁን፤ ምክንያቱና ታሪኩ ከእርሱ ይከተላሉ። በንግግራችን ልማድ ነገሩን ከመነሻው አውርተን ወደ ፍሬ ነገሩ መድረስ ጨዋነት ቢሆንም በኦፊሴላዊ ምላሽ ግን ይህ ቅደም ተከተል አንባቢውን ያደክማል። «ውሉ ታድሶ ከዚህ ጋር ተያይዟል» ብለው ይጀምሩ፤ ለምን እንደዘገየ ከዚያ በኋላ ያስረዱ።

ቀደም ሲል ለለዩዋቸው አራት ሁኔታዎች የሚከተለውን አጻጻፍ ይጠቀሙ።

መልሱና ማስረጃው ካለ፣ መልሱን ይጻፉ፤ የማስረጃውን ዓይነት፣ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የአባሪውን ቁጥር ይጥቀሱ።

ማብራሪያ ብቻ የሚበቃው ከሆነ፣ ልዩነቱ የት እንዳለና የትኛው ትክክል እንደሆነ በግልጽ ይናገሩ። «በስህተት ሊሆን ይችላል» የሚል አነጋገር መልስ ሆኖ አይቆጠርም።

ገና ያላለቀ ከሆነ፣ የተሠራውን፣ የቀረውንና የሚያልቅበትን ቀን በየተራ ያስቀምጡ። «በቅርቡ» ወይም «በተቻለ ፍጥነት» የሚሉት ቃላት ቀን አይደሉም። ባለሙያው በፋይሉ ላይ ሊመዘግበው የሚችለው ወርና ቀን ብቻ ነው። ቀኑን ሲሰጡም በእርግጥ የሚደርሱበትን ይስጡ፤ ያለፈ ቀጠሮ ከረጅም ቀጠሮ ይልቅ ይጎዳል።

በተባለው ካልተስማሙ፣ ቁጣም ልመናም ሳይጨምሩ የሆነውን በማስረጃ ያቅርቡ፤ ምን እንዲደረግልዎ እንደሚፈልጉም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠይቁ። በአንዱ ክፍል ያለ ቅሬታ ወደ ሌሎቹ ክፍሎች እንዳይፈስ ይጠንቀቁ።

በሁሉም ክፍሎች «ከላይ እንደተገለጸው» እና «ከላይ የተጠቀሰው ሰነድ» የሚሉ አገላለጾችን ያስወግዱ። ገጾቹ ሲነጣጠሉ «ከላይ» የሚባል ነገር አይኖርም። አንድ ሰነድ በሁለት ክፍሎች የሚያስፈልግ ከሆነ ስሙንና የአባሪውን ቁጥር ሁለቴ ይጻፉት።

6. አባሪዎችን ከክፍሎቹ ጋር ማስተሳሰር

አባሪዎች በክፍሉ ቁጥር ይሰየሙ። የክፍል 2 ማስረጃ «አባሪ 2» ይባላል፤ ማስረጃው ሁለት ከሆነ «አባሪ 2.1» እና «አባሪ 2.2» ይሆናል። ክፍል 3 ማስረጃ ከሌለው አባሪ 3 አይኖርም፤ ቁጥሩን ለማስተካከል ሲባል አያሸጋሽጉት። ይህን ስያሜ በእያንዳንዱ አባሪ የመጀመሪያ ገጽ ላይኛ ጥግ በእስክሪብቶ ይጻፉ። በዋናው ሰነድ ላይ ግን ምንም አይጻፉ፤ ቅጂው ላይ ይጻፉ፣ ዋናውን ለማመሳከር ብቻ ይያዙት።

የሁለት ዘመን አቆጣጠር ጉዳይም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከውጭ አገር የመጣ ሰነድ ቀን የሚይዘው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በምላሽዎ ውስጥ ሁለቱንም ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2024)»። ዓመተ ምሕረት ሳይገለጽ «15/01/24» ተብሎ የተጻፈ ቀን ባለሙያውን ለሌላ ደብዳቤ ይጋብዘዋል።

7. ማሳያ

የሚከተለው ምሳሌ በአንድ ወረዳ ዳቦ ቤት የከፈተች ተገልጋይን ይመለከታል። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ አራት ነጥቦችን ጠይቋል፤ በደረሳት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥም እንድትመልስ አሳስቧል። ደብዳቤው የደረሳት ሐሙስ ጥቅምት 14 ቀን ነው። ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠሩ አሥረኛው የሥራ ቀን ጥቅምት 28 ቀን ይሆናል።

መጀመሪያ ያዘጋጀችው ረቂቅ እንዲህ ይጀምር ነበር፦

«የኪራይ ውሉን በተመለከተ አከራዬ ውጭ አገር ስለሚኖሩ ለማደስ ብዙ ተቸግሬ የነበረ ሲሆን አሁን ግን በወኪላቸው በኩል ተፈርሟል፣ የሠራተኞቼንም የጤና ምርመራ ካሁን በፊት ያቀረብኩ መሆኑ እየታወቀ ድጋሚ መጠየቄ አሳዝኖኛል፣ ፍሳሹም እየተሠራ ስለሆነ በቅርቡ ያልቃል፣ ስሙም ያው አንድ ነው…»

በዚህ ረቂቅ ውስጥ ለአራቱም ጥያቄዎች አንድ ነገር ተብሏል፤ ሆኖም አንዱም አልተመለሰም። ውሉ መቼ እንደተፈረመ፣ ወኪሉ በምን ሥልጣን እንደፈረመ፣ የጤና ማስረጃው መቼ እንደገባ፣ የፍሳሹ ሥራ መቼ እንደሚያልቅ፣ ትክክለኛው ስም የትኛው እንደሆነ አልተገለጸም። ቅደም ተከተሉም ከመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ በጤና ማስረጃው ላይ ያላት ቅሬታ ደግሞ የጠቅላላውን ደብዳቤ ድምፅ ለውጦታል። በተስተካከለው አቀማመጥ ደብዳቤው የሚከተለውን መልክ ይይዛል።

ቀን፦ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለ………… ወረዳ ንግድ ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በቁጥር ………… በተጻፈ ደብዳቤ ለተጠየቁ 4 ነጥቦች ምላሽ ስለመስጠት

እኔ አመልካች በንግድ ፈቃድ ቁጥር ………… የዳቦ ቤት ባለቤት ስሆን፣ በርዕሱ የተጠቀሰው ደብዳቤ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ደርሶኛል። በተራ ቁጥር 1፣ 2 እና 4 የተጠየቁት ከማስረጃ ጋር ተመልሰዋል። በተራ ቁጥር 3 የተጠየቀው ሥራ እስከ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ይጠናቀቃል።

1.1 የታደሰ የኪራይ ውል
የንግድ ቤቱ የኪራይ ውል ታድሶ ተያይዟል (አባሪ 1.1)። የቀድሞው ውል ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን አዲሱ ውል ከሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ይጸናል። ውሉ በወቅቱ ያልቀረበው የቤቱ ባለቤት በውጭ አገር የሚኖሩ በመሆናቸው የወኪላቸው ሰነድ ተሟልቶ እስኪደርስ በመጠበቄ ነው።

1.2 ውሉን የፈረመው ሰው ሥልጣን
የኪራይ ውሉን በአከራይ በኩል የፈረሙት የቤቱ ባለቤት ሕጋዊ ወኪል ናቸው። የውክልና ሰነዱ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2024) በዚያው አገር በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ የተረጋገጠ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ውስጥም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተመዝግቧል (አባሪ 1.2)። ቤት የማከራየት ሥልጣን በሰነዱ ውስጥ በግልጽ ተሰጥቷቸዋል።

2. የስም ልዩነት
ትክክለኛው የአያቴ ስም አጻጻፍ በመታወቂያዬ ላይ ያለው «ኃይሌ» የሚለው ነው። በንግድ ፈቃዱ ላይ «ሀይሌ» ተብሎ ተጽፏል። ልዩነቱ በአንድ ፊደል አጻጻፍ ብቻ ሲሆን ሁለቱም ሰነዶች የእኔ ናቸው። የመታወቂያዬ ቅጂ ተያይዟል (አባሪ 2)።

3. ከዳቦ ቤቱ የሚወጣ ፍሳሽ
ወደ መተላለፊያው መንገድ ይፈስ የነበረው የማጠቢያ ውኃ ከጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል። ለጊዜው ውኃው በበርሜል እየተጠራቀመ ይወገዳል። የቀረው ሥራ የማጠቢያውን ቧንቧ በግቢው ውስጥ ካለው የፍሳሽ ጉድጓድ ጋር ማገናኘት ሲሆን ይህም እስከ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ይጠናቀቃል። ሥራው እንዳለቀ በአካል ቀርቤ አሳውቃለሁ።

4. የሠራተኞች የጤና ምርመራ ማስረጃ
የ3ቱ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ማስረጃ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ለጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ በገቢ ቁጥር ………… ተመዝግቧል። ማስረጃዎቹና የመዝገብ ቤቱ ማኅተም ያረፈበት የማቅረቢያ ደብዳቤ ቅጂ በድጋሚ ተያይዘዋል (አባሪ 4.1 እና 4.2)። ቀድሞ የቀረበው በፋይሌ ውስጥ መኖሩ እንዲጣራልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ የስም እርማት
በንግድ ፈቃዱ ላይ «ሀይሌ» ተብሎ የተጻፈው የአያቴ ስም በመታወቂያዬ መሠረት «ኃይሌ» ተብሎ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ ቁጥር

አባሪ፦ 1.1 የኪራይ ውል፤ 1.2 የውክልና ሰነድ፤ 2 መታወቂያ፤ 4.1 የጤና ምርመራ ማስረጃ፤ 4.2 የማቅረቢያ ደብዳቤ

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ሦስት ነገሮችን ያስተውሉ። የመጀመሪያው የስም እርማት ጥያቄው በክፍል 2 ውስጥ ያልተጨመረ መሆኑ ነው። ክፍል 2 መሥሪያ ቤቱ ለጠየቀው መልስ ነው፤ እርማቱ ግን ተገልጋይዋ በራሷ የምታነሣው አዲስ ጥያቄ ነው። ጥያቄ በመልስ ውስጥ ሲገባ ባለሙያው «ተመልሷል» ብሎ ምልክት አድርጎ ያልፈዋል፤ ስለዚህ አዲስ ጥያቄ ሁልጊዜ ከመልሶቹ በኋላ በራሱ ርዕስ ይቀመጣል። ሁለተኛው በክፍል 4 ያለው አለመስማማት በቀንና በገቢ ቁጥር ላይ የቆመ መሆኑ ነው፤ «አሳዝኖኛል» የሚለው ቃል ወጥቶ ማኅተም ያለበት ቅጂ ገብቷል፤ ማስረጃውም በድጋሚ ስለተያያዘ ቀድሞ የገባው ባይገኝ እንኳ ጉዳዩ አይቆምም። ሦስተኛው አባሪ 3 አለመኖሩ ነው፤ ክፍል 3 ገና ማስረጃ ስለሌለው ቁጥሩ ተዘልሏል።

8. ጉዳዮቹን በአንድ ደብዳቤ መመለስ የማይገባበት ጊዜ

አንድ ምላሽ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ከጉዳዮቹ አንዱ በቅሬታ ሰሚ ወይም በፍርድ ቤት የተያዘ ከሆነ ለብቻው ይጻፉ፤ ደብዳቤው ለዚያ መዝገብ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ስለሚችል ሌሎች ጉዳዮች አብረውት መግባት የለባቸውም። እንደ ሕክምና ውጤት ያለ ሁሉም ሠራተኛ ሊያየው የማይገባ የግል መረጃ ካለም ለሚመለከተው ክፍል በተለየ ፖስታ ያቅርቡና በዋናው ምላሽ በዚያ ርዕስ ሥር «ለብቻው ቀርቧል» ብለው ቀኑን ይጥቀሱ። ጥያቄዎቹ የመጡት ከሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ከሆነም ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ግልባጭ ማድረግ መልስ እንደመስጠት አይቆጠርም።

በአንጻሩ አንዱ ጉዳይ ስላላለቀ ብቻ ሁሉንም ማዘግየት ተገቢ አይደለም። በማሳያው እንደታየው ያለቀውን በቀነ ገደቡ ውስጥ መልሶ ያላለቀውን በቀን ማሳወቅ ይቻላል።

9. ከማስገባትዎ በፊት የሚደረግ ማጣራት

ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። በመጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤና የእርስዎን ምላሽ ጎን ለጎን አድርገው በደብዳቤው ላይ ያሰመሩባቸውን ነጥቦች አንድ በአንድ ከርዕሶቹ ጋር ያገናኙ፤ ጓደኛ ያላገኘ መስመር ካለ ያልተመለሰ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው፣ ለቤተሰብ አባልም ቢሆን፣ አንዱን ክፍል ብቻ አሳይተው የቀረውን በወረቀት ይሸፍኑ። ሰውየው ምን እንደተጠየቀና ምን እንደተመለሰ መናገር ከቻለ ክፍሉ ራሱን ችሏል። «የትኛው ሰነድ? መቼ?» ብሎ ከጠየቀ የጎደለውን ስም ወይም ቀን ይጨምሩ።

ምላሹ ከአንድ ገጽ ከበለጠ በየገጹ ግርጌ «ገጽ 1 ከ 2» በሚል መልክ ቁጥር ይስጡ፤ አንድን ክፍል በሁለት ገጽ ላለመክፈልም ይሞክሩ። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። አንዱን ለመዝገብ ቤቱ አስረክበው በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ያስደርጉ። ይህን ቅጂ ከነአባሪዎቹ ያስቀምጡት፤ ወደፊት «አላቀረቡም» የሚል ጥያቄ ቢመጣ በክፍል 4 እንደታየው ዋናው ማስረጃዎ እርሱ ነው። ጉዳዩ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ ሲቀርቡም የገቢ ቁጥሩንና የሚፈልጉትን ክፍል ተራ ቁጥር ይናገሩ፤ በዚያ ጉዳይ ላይ የሚሠራው ባለሙያ ማን እንደሆነ በቀላሉ ይለያል።